ቀኝ ጆሮዬ ዝቅ ይላል፤ ከጆሮ ፊት ያለውን ጸጉር ከጺሜ ጋር እንዴት ላገናኘው?

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሰሞኑን መስታወት ፊት ገትሮኛል።

ጺሜን ካሳደግኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። በቁጥር 3 እያስተካከልኩ ነው የያዝኩት፤ አንድ ሳንቲም ገደማ ይሆናል። የራሴን ጸጉር ደግሞ ጎንና ጎኑን በቁጥር 1 ነው የምቆረጠው። ያስቸገረኝ በሁለቱ መሃል ያለው ነው። ከጆሮ ፊት የሚወርደው፣ ልጆቹ ሳይድበርን የሚሉት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጸጉር ቤት ገባሁ። ልጁ አየውና የቀኙ ረዘመበት፤ ቆረጠው። ከዚያ የግራው ረዘመበት፤ እሱንም ቆረጠው። ዞር ብሎ በጎን ሲያየኝ ደግሞ የቀኙ እንደገና ልክ አልመጣለትም። እንዲህ እያለ ሁለቱም ጆሮዬ አናት ላይ ደረሱ። ከወንበሩ ስነሳ ጺሜ ከታች ብቻውን ቀርቷል፤ ክሩ ተበጥሶ አገጭ ላይ የወደቀ ጭምብል ይመስል ነበር። ቅንድብ ልኳል ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው።

ቤት ገብቼ በደንብ ሳየው ለካ ቀኝ ጆሮዬ ከግራው ዝቅ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ልብ አላልኩትም። መነጽሬ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚያዘነብለውም ለዚህ ነው። አንድ ከፊት፣ ሁለት ከጎን የተነሳሁትን ፎቶ አያይዣለሁ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ጸጉሩ የት ድረስ በምን ያህል ውፍረት ይውረድ? ከጆሮው ጋር የሚዋሰነው መስመርስ ቀጥ ይበል ወይስ የጆሮውን ቅርጽ ይከተል?

(ከታች ያሉት የመጡልኝ መልሶች ናቸው። አንዳንዶቹ በጣም ረጅም ስለሆኑ በራሴ አነጋገር አሳጥሬ፣ ቁጥራቸውን ግን እንደነበረ ትቼ አስቀምጫቸዋለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው በጣም ትሁት ነው። ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ይሆናል። ነገሩን ፊቴ ላይ አመጣው። ፊቱ ረዘም ያለ ሰው አጭር፣ ፊቱ ክብ የሆነ ሰው ደግሞ ረዘም ያለ ቢያደርግ ያምርበታል ባይ ነው። የእኔ ረዘም ያለ ስለሆነ ጆሮዬ ቀዳዳ ላይ እንዲያቆም መከረኝ። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። ግን ጺም ለሌለው ሰው የሚሆን ነው። የኔ ጸጉር እኮ የትም አያቆምም፤ ወርዶ ጺም ውስጥ ነው የሚገባው።

መልስ 2

ይሄኛው ርዕሱን ብቻ አንብቦ ነው መሰለኝ የመለሰው። ጆሮዬ አካባቢ ጸጉር እምቢ ያለኝ መስሎታል። ማታ ማታ የጉሎ ዘይት እንድቀባና በጣቴ እንዳሸው ጻፈልኝ። የወንድሙ ልጅ ቀብቶ እንዴት እንደበቀለለትም በሰፊው ተረከ።

መልስ 3

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጠራልኝ። የጻፈው ሃያ ዓመት በጸጉር አስተካካይነት የሠራ ሰው ነው። ፎቶዬን ልብ ብሎ አይቶታል። የቅዳሜው ልጅ እጁ እንዳልጠፋ፣ ጥፋቱ በሁለት መለኪያ መለካቱ እንደሆነ አስረዳኝ። ልጁ በጎን ሲያየኝ ከጆሮዬ አንጻር ነው የሚቆርጠው። ከፊት ለፊት በመስታወት ሲያየኝ ደግሞ ከፊቴ አንጻር። ጆሮና ጆሮዬ እኩል ስላልሆኑ ሁለቱ መለኪያዎች መቼም አይስማሙም። ስለዚህ አንዱን ባስተካከለ ቁጥር ሌላው ይበላሽበታል። መጨረሻው ጆሮ አናት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለውም።

ጆሮው እኩል የሆነ ሰው በጣም ጥቂት እንደሆነም ጨመረበት። አብዛኛው ሰው ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አይታወቅበትም። መፍትሔ ያለው ለሁለት የሚከፈል ነው፦ ከፍታውን ከፊት ውሰድ፣ የጎን መስመሩን ከጆሮ ውሰድ።

ከፍታ የሚለው ቀጭኑ ጸጉር መወፈር የሚጀምርበትን ቦታ ነው። ከጺም ጋር በተያያዘ ጸጉር ላይ ዓይን እንደ ጫፍ የሚያየው እሱን ነው። ያ ቦታ ግራና ቀኝ ከዓይን መስመር እኩል መውረድ አለበት፤ ጆሮው የትም ይሁን። ከጆሮው ጋር የሚዋሰነው ጠርዝ ግን ከፊት አይታይም። እሱን እያንዳንዱ ጆሮ እንደራሱ ይምራው፤ ግራው ከቀኙ ጋር የግድ መመሳሰል የለበትም።

አለካኩንም ጻፈልኝ። መነጽር ይወልቃል። ጀርባ ቀጥ ይላል፣ አገጭ አይነሳም፣ አይቀበርም። አፍ ይዘጋል። አፍ ሲከፈት ከጆሮ ፊት ያለው ቆዳ አብሮ ስለሚንሸራተት የተለካው ሁሉ ይዛባል፤ ወንበር ላይ የሚያወራ ደንበኛ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ከዚያ የሁለቱ እጅ አውራ ጣቶች ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ ይቀመጡና ከመስታወቱ አንድ ሜትር ራቅ ተብሎ ይታያል። በጣቶቹ መካከል ያለው መስመር ከዓይኖቹ መስመር ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ልክ ነው። ጣት ከመነሳቱ በፊት ምልክት ይደረጋል። የኛ ቆዳ ላይ የቅንድብ እርሳስ ስለማይታይ እሱ ያለቀ የሳሙና ስባሪ ይጠቀማል።

መልስ 4

ወጣት መሆኑ ያስታውቃል። ከመልስ 1 ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማማ፣ መልስ 3 ግን ነገር አብዝቷል አለው። በእሱ አስተያየት ዋናው ቶሎ ቶሎ በምላጭ መላጨት ነው፤ በተላጨ ቁጥር ወፍሮ ይወጣል። ከላይ ያለው ጸጉርም ቀስ በቀስ ወደ ታች ያድግና ጺሙ ጋ ይደርሳል።

መልስ 5

መልስ 3 ተመልሶ መጣ። በጨዋ ደንብ ነው፣ ግን ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎታል። ጸጉር እንደ ሐረግ አይሳብም አለ። ጆሮ አናት ላይ ያለው ጸጉር ወርዶ ባዶውን ቦታ አይሸፍነውም። ባዶው ቦታ የራሱ ጸጉር አለው፤ የተላጨ ስለሆነ ብቻ ነው የማይታየው። ስለዚህ ወደ ታች ማውረድ ማለት ከታች ያለውን አለመንካት ማለት ነው።

በምላጭ ይወፍራል የሚለውም ስሜት ብቻ ነው። ጫፉ ቀጥ ብሎ ስለተቆረጠ ሲዳሰስ ይሻክራል፣ ጠቆር ብሎም ይታያል። ከቆዳው የሚወጣው ጸጉር ግን ያው ነው።

ከዚህ ተነስቶ ጊዜውን አሰላልኝ። ጺም በወር አንድ ሳንቲም ገደማ ይረዝማል። ቁጥር 1 የሚተወው 3 ሚሊ ነው። የጆሮ አናቱ አካባቢ እንዲገጥም አሥር ቀን ይበቃዋል። ቁጥር 3 ደግሞ 10 ሚሊ ይተዋል። ጺሙ አጠገብ ያለው እስኪደርስ ወር ያስፈልገዋል። ስለዚህ አራት ሳምንት ማሽን እንዳይነካው፣ የሚያስጠላ መልክ ቢኖረውም እንድታገስ አዘዘኝ። አዘዘኝ ነው የምለው፤ አጻጻፉ እንደሱ ነበር።

መልስ 6

ውይይቱ እዚህ ላይ ሞቀ። ይሄ ሰው ጸጉር አስተካካይ በጠቅላላ አይወድም። ወር ጠብቅ የሚባለው ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣ ነው ብሎ ጀመረ። እሱ ስድስት ዓመት ራሱን በራሱ ነው የሚቆረጠው። ዘዴውንም ነገረኝ፦ ቆዳውን በግራ እጅ ወደ ላይ ወጠር ማድረግ፣ ከጆሮ ቀዳዳ እኩል ምላጩን ማሳረፍ፣ አለቀ። ለዚህ ሁሉ ሳሙናና አውራ ጣት ምን ያደርጋል ብሎ አሾፈ።

ሞከርኩት። ግራ ጎኔን ቆዳውን ወደ ላይ ይዤ ትንሽ ነካሁት። እጄን ስለቀው መስመሩ ካሰብኩት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ቆዳው ወደ ቦታው ሲመለስ መስመሩን ይዞት ወርዷል። ደግነቱ የነካሁት ጥቂት ነበር።

መልስ 7

ከመርካቶ ልብስ ሰፊ ነኝ ያለ ሰው የጻፈው ነው። ስለ ጸጉር እንደማያውቅ አስቀድሞ ተናገረ። ግን የሳሙናው ነገር የራሱን ሥራ አስታውሶት ነው። አንድ ዳሌው ዝቅ ያለ ሰው ሱሪ ሲያሰፋ፣ ሁለቱን እግር ከወገብ እኩል ለክተህ ብታጥፈው አንዱ መሬት ይጠርጋል። የታችኛው እጥፋት ከወለል ነው የሚለካው። ወገብ ሊያዘነብል ይችላል፣ ወለል አያዘነብልም። ያንተ ጆሮ ወገብ ነው፣ ዓይንህ ወለል ነው ብሎ ዘጋው።

ከመልሶቹ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። መልስ 3ም ወዶታል፤ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው እንደሚችል ጻፈ።

መልስ 8

እኔ ነኝ። የለካሁትን ሪፖርት ላድርግ ብዬ ገባሁ። መነጽሬን አውልቄ፣ የማስመሪያውን ጫፍ ከዓይኔ ጥግ ጋር አስተካክዬ፣ እህቴ ከፊት ቆማ አየችልኝ። የቀኝ ጆሮዬ ቀዳዳ ከግራው 6 ሚሊ ዝቅ ይላል። ጆሮዬ ራሱ ከላይ እስከ ታች 6 ሳንቲም ተኩል ነው። እህቴ እንዲህ ከሆነ እስከ ዛሬ ስልክ በየትኛው ጆሮህ ነበር የምታወራው ብላ ስትስቅ አንድ ጊዜ ማስመሪያው አመለጣት፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ ለክተናል።

መልስ 9

መነጽር ቤት የምትሠራ ሴት ናት። የጆሮ ከፍታ ልዩነት በየቀኑ የምታየው ነገር ነው፤ ብዙ ደንበኛ መነጽሩ የተጣመመ መስሎት ይመጣል። የመነጽሩን እጀታ ሞቅ አድርገው ጆሮው ጋ ያለውን እጥፋት ትንሽ ሲቀይሩት ይስተካከላል። ለኔ ጥያቄ የሚጠቅም አንድ ነገርም አነሳች። መነጽሩ ከተዛነፈ ሰው የሚያየው የእጀታውን መስመር ነው፣ እጀታው ደግሞ ልክ ጸጉሩ ቁልቁል መውረድ ከሚጀምርበት ቦታ በላይ ያልፋል። ያ መስመር ከተዛነፈ ጸጉሩ ልክ ቢሆንም የተዛነፈ ይመስላል። መጀመሪያ መነጽርህን አስተካክል፣ ከዚያ ጸጉርህን አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፤ ገንዘብም አልጠየቁኝም።

መልስ 10

ከዚህ በኋላ ነገሩ መስመር ሳተ። አንዱ ተነስቶ ፑሽኪንን አመጣ። የሩሲያው ባለቅኔ ጉንጩን የሸፈነው ያ ሁሉ ጸጉር የመጣው ከኢትዮጵያዊ ደሙ ነው ባይ ነው። ሳር ቤት ያለውን ፑሽኪን አደባባይን እንደ ምስክር ጠራ። እኔም እንደ እሱ እንዳሳድግ፣ ጺሙን ትቼ የጆሮ ሥሩን ብቻ እንዳስቀር ሐሳብ አቀረበ።

መልስ 11

ታሪክ የሚያነብ ሰው ነው። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ከአፍሪካ መሄዱን ማንም አይክድም አለ። የት እንደተወለደ ግን ዛሬም ያከራክራል፤ ከኛ አካባቢ ነው የሚሉ አሉ፣ ከካሜሩን አካባቢ ነው የሚሉም አሉ። ጉንጭ ላይ የሚወርደው ጸጉር ደግሞ የዘር ጉዳይ ሳይሆን የዘመኑ ፋሽን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ መኮንኑም ባለሥልጣኑም እንዲሁ ነበር። መልስ 10 በዚህ ተቀየመ። ሦስት መልስ ያህል ተነታረኩ። ቁጥራቸውን አልያዝኩትም፤ ስለ ጸጉር አንድም ቃል የላቸውም።

መልስ 12

በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ በፊደላቸው አጣጣል ይታወቃሉ። በእሳቸው ጊዜ ፒያሳ ያሉ ጸጉር አስተካካዮች ይህን ጸጉር ባዜታ ይሉት እንደነበር፣ ቃሉም ከጣልያን እንደመጣ አወጉን። ወጣቶቹ ሰምተውት አያውቁም። በወጣትነታቸው አፍሮ፣ ቤልቦተም ሱሪና እስከ ጆሮ ጫፍ የወረደ ባዜታ አብረው የሚሄዱ ነበሩ። አባታቸው አንድ ቀን በእጅ ቶንዶስ ራሳቸው እንደቆረጡባቸውና ግማሹ ላይ ማሽኑ ጸጉሩን ነክሶ እንደያዘ ሲተርኩ አንባቢው ሁሉ ሳቀ።

ሳይድበርን የሚለው ስም ደግሞ ከአንድ አሜሪካዊ ጄኔራል እንደመጣ ጨመሩ። አምብሮዝ በርንሳይድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1862 ፍሬድሪክስበርግ በተደረገው ውጊያ ክፉኛ ተሸነፈ፤ ጸጉሩ ግን ስሙን አስጠራለት። አገጩን ተላጭቶ የጉንጩን ጸጉር ከከንፈር ጺሙ ጋር ያገናኝ ነበር። ስሙን ሰዎች ገልብጠው በርንሳይድ የነበረውን ሳይድበርን አደረጉት። ስለዚህ ያንተ ጥያቄ የሱ ተቃራኒ ነው፣ እሱ አገጩን ላጭቶ ጎኑን ያዘ፣ አንተ አገጩን ይዘህ ጎኑን አጣህ አሉኝ። ልክ ናቸው።

መልስ 13

ከእስራኤል፣ ከኔታንያ የተጻፈ ነው። ቤተሰቦቹ ከጎንደር የሄዱ ናቸው፣ እሱ እዚያው ተወልዶ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት ተምሯል። የት ድረስ የሚለው ጥያቄ ለሱ ክፍት ሆኖ እንደማያውቅ ጻፈ። በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥27 የራስ ጸጉር ዙሪያ እንዳይከረከም ተጽፏል። መምህሮቹ ያስተማሩት ከጆሮው ፊት ያለው ጸጉር እስከ ጆሮው መሃል ድረስ እንዳይላጭ ነው። ማሳጠር ይቻላል፣ ቆዳው እስኪታይ መላጨት ግን አይቻልም። ሌላ ቦታ የበለጠ የሚያስረዝሙ እንዳሉም አልደበቀም።

እሱ ድንበሩን በዓይን አይፈልግም፤ በጣት ነው። ከዓይን ሥር ተነስቶ ወደ ጆሮ የሚሄደውን የጉንጭ አጥንት ይዳስሳል፣ አጥንቱ ጆሮው ጋ ሲደርስ እዚያ ያቆማል። ጆሮ ቢያዘነብልም አጥንቱ ያው ነው ባይ ነው። መልስ 3 በዚህ በግማሽ ብቻ ተስማማ። አጥንቱም ግራና ቀኝ እኩል የማይሆንባቸው ደንበኞች አሉት። ስለዚህ ለመነሻ ጥሩ ነው፣ መጨረሻውን ግን መስታወቱ ይወስን አለ።

መልስ 14

መልስ 3 ነው፣ ስለ ውፍረቱ። ቁጥር 1 ከሆነው ጸጉር ወደ ቁጥር 3 ጺም በአንድ ጊዜ መዝለል አይቻልም፤ ደረጃ ይወጣበታል። ሥራው ከትልቁ ቁጥር ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ጠቅላላው በቁጥር 3 ይታለፋል። ከዚያ ከጆሮው ጫፍ፣ ጉትቻ ከሚንጠለጠልበት ለስላሳው ሥጋ ትይዩ ጀምሮ ወደ ላይ በቁጥር 2። ቀጥሎ የጆሮ ቀዳዳውን ከምትጋርደው ጠንካራ ጉብታ ትይዩ ጀምሮ ወደ ላይ በቁጥር 1። ለእኔ ግን ጉብታና ጫፍ የሚላቸው የግራ ጆሮዬን ነው። በቀኝ በኩል ጆሮዬን ረስቼ በሳሙና ያመለከትኩትን እንድከተል አሳሰበኝ። እንዲህ ካልሆነ በቀኝ በኩል ደረጃው ሁሉ 6 ሚሊ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ቅዳሜ የሆነው ስህተት በሦስት መስመር ይደገማል።

እያንዳንዱ ቁጥር የሚያልቅበት ቦታ ላይ ማሽኑ ቀስ ብሎ ከቆዳው ይራቅ እንጂ ተጫኖ አይቁም። የቆመበት ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። ያ መስመር ከታየ የማሽኑን ጎን ላይ ያለችውን መክፈቻ መሃል ላይ አድርጎ መስመሩን ብቻ መነካካት ነው።

ጸጉሩ ደርቆ ነው መቆረጥ ያለበት። የኛ ጸጉር ጥቅልል ነው። እርጥብ ሆኖ ሲበጠር ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በእርጥቡ ልክ የመጣ ነገር ሻይ እስክትጠጣ ድረስ አጭር ሆኖ ታገኘዋለህ አለኝ።

መልስ 15

መልስ 6 መመለሱ አልቀረም። አሁንም ቁጡ ነው፣ ግን አንድ ጥሩ ነጥብ ያዘ። መልስ 3 ቁጥር ብቻ ነው የጻፈው፣ አቅጣጫ አልጻፈም። ቁጥር 2ን ጸጉሩ ወደሚተኛበት ብትነዳውና ከተቃራኒው ብትነዳው አንድ አይደለም፤ ሽቅብ ሲነዳ ያሳጥራል። ጺም ከጆሮ አጠገብ ቁልቁል ነው የሚተኛው። ቤት ውስጥ ራሱን የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ ቁልቁል ነድቶ ካየው በኋላ ቢደፍር ይሻላል።

መልስ 3 ይህን ተቀበለ። የቆዳ መወጠሩን ነገር ግን አልማረውም። ቆዳ ይወጠር ከተባለ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮው ነው እንጂ ወደ ላይ አይደለም ብሎ፣ መልስ 6 ስድስት ዓመት ሙሉ ዝቅ ያለ መስመር ይዞ ዞሮ ይሆናል ሲል ነካው። መልስ 6 ደግሞ የራሱን ፎቶ ለጠፈ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

መልስ 16

የቆዳ ክፍል ነርስ ናት። እስካሁን ያላነሳነውን አነሳች። ከጆሮው ጋር ያለውን መስመር በምላጭ ማውጣት የሚወዱ ሰዎች እዚያው ቡግር ይወጣባቸዋል። ጥቅልል ጸጉር በምላጭ ከቆዳው እኩል ሲቆረጥ፣ ሲያድግ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ያለ ቁጥር በባዶ ማሽን ማውጣት ይሻለዋል፤ ትንሽ ስለሚያስቀር አይገባም። ምላጭ የግድ ከሆነ አዲስ ይሁን፣ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት።

ሳስቶ የሚታይ ቦታ ሁሉ በመስመር ቁርጥ እንደማይሸፈንም ተናገረች። ክብ ሆኖ የለሰለሰ፣ ምንም የማያሳክክ ባዶ ቦታ ላሽ ሊሆን ይችላል። የሚያሳክክ፣ የሚቀረፍ፣ ጸጉሩ የሚሰባበር ከሆነ ደግሞ የቆረቆር ዘመድ ነው፤ ባልጸዳ ማሽን ይተላለፋል። ሁለቱም ሐኪም ይፈልጋሉ፣ ሕክምናቸውም አንድ አይደለም። መልስ 2 እዚህ ላይ የጉሎ ዘይት ለየትኛው እንደሚሆን ጠየቃት። ለየትኛውም አለችው።

መልስ 17

አንዲት ባለትዳር ናት። ባሏ ይህን ውይይት ሲያነብ አምሽቶ እራት እንደቀዘቀዘበት በመናገር ጀመረች። ሴት ልጅ የወንድ ጆሮ ሥር በሚሊ አትለካም አለች። እሷ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጸጉሩ ከጆሮው ፊት እየተገፋ እየተገፋ ክር ሲያክል። ባሏ በየሁለት ሳምንቱ መስመሩን ሲያስወጣ፣ በየጊዜው አንድ ሚሊ ወደ ጉንጩ ይጠጋል። በዓመቱ ጆሮውና ጸጉሩ ተለያይተው መሃላቸው መንገድ ወጣ። መልስ 3 ሙያዋን ጠየቃት። መምህርት ናት። ከብዙ ጸጉር አስተካካይ የተሻለ ዓይን እንዳላት ጻፈላት። የተፈጥሮውን ጠርዝ አልፈው የወጡትን ጥቂት ጸጉሮች ብቻ ማንሳት፣ ጠርዙን ራሱን አለመንካት ነው የሱም ደንብ።

መልስ 18

እኔ ነኝ፣ ከአራት ሳምንት በኋላ። ታገስኩ። ሁለተኛው ሳምንት ክፉ ነበር፤ መሥሪያ ቤት አመመህ ወይ ያሉኝ አሉ። ትናንት ጸጉሬ ደርቆና ተበጥሮ፣ መነጽሬ ወልቆ፣ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አዲስ ጸጉር አስተካካይ ነው፤ የመልስ 14ን ቅደም ተከተል ከስልኬ አነበብኩለት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ በኋላ ሳሙናውን ራሱ አመጣ።

በግራ በኩል ቁጥር 1 የሚያበቃው ልክ ጉብታዋ ትይዩ ነው። በቀኝ በኩል ከጉብታዋ 6 ሚሊ ከፍ ይላል። ከፊት ለፊት ሲታይ እኩል ናቸው። ከቀኝ ጎን በቅርብ ላየኝ ሰው ግን ቀጭኑ ጸጉር ከጆሮ ቀዳዳዬ በላይ ቀደም ብሎ ያበቃል። ይህ እውነት ነው። እህቴ አላስተዋለችውም። እኔ ግን አንዴ ስላወቅኩት አየዋለሁ። ፎቶውን ለጥፌያለሁ።

መልስ 19

መልስ 1 በዚህ ላይ ሐሳብ ነበረው። ልዩነቱን ለሁለት አካፍለው፣ 3 ሚሊ ለፊት፣ 3 ሚሊ ለጆሮ፣ ማንም ከየትም አያየውም አለ። ኔታንያ ያለው ልጅ ደገፈው። ልብስ ሰፊው ተቃወመ፤ ሱሪ በግማሽ አይታጠፍም። መልስ 6 በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልብስ ሰፊው ጋር፣ በዚያውም ከመልስ 3 ጋር ተስማማ፤ ይህንንም ማንም እንዳያነሳበት አስጠነቀቀ።

መልስ 20

መልስ 3 የመጨረሻውን ፎቶ አጉልቶ አይቶታል። ደረጃው ጥሩ ነው፣ ከቁጥር 2 ወደ 3 የሚያልፍበት ቀኙ ላይ ትንሽ ጥላ ቀርቷል፣ በሦስት ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል አለ። የግራው ጆሮ ጠርዝ ግን ተነክቷል። አዲሱ ልጅ በምላጭ አንድ ሁለት ሚሊ ወደ ጉንጭ ገፍቶታል። እሱን ሦስት ሳምንት ማንም እንዳይነካው አለኝ።

ከሥሩ መልስ 2 ዘይቱን ቀብቼ እንደሆነ ጠይቋል።